በአሲድ የተላጠ ፊት ሦስት ቀጠሮ አለው

የአክስቴ ልጅ ጥቅምት ላይ ደወለችና «እትዬ፣ ውኃ እያቃጠለኝ ነው» አለችኝ። የፈላ ውኃ የተደፋባት መስሎኝ ደነገጥኩ። አይደለም። የቧንቧ ውኃ ነው፤ ያውም ቀዝቃዛ። ፊቷን ስትታጠብ ይለበልባታል። ዓመት ሙሉ ስትቀባው የኖረችው፣ አንድም ቀን አስቸግሯት የማያውቅ ሎሽን እንኳን እንደ ሚጥሚጣ ያንገበግባት ጀምሯል።

የምሠራው መድኃኒት ቤት ስለሆነ ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። «ፊትሽ ላይ የምታደርጊውን ሁሉ በፌስታል አድርገሽ ይዘሽ ነይ» አልኳት።

ፌስታሉ ከባድ ነበር። ጠዋትና ማታ የምትታጠብበት፣ 2 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለው የፊት መታጠቢያ አለ። ማታ ማታ በጥጥ የምትጠራርግበት፣ 7 በመቶ ግላይኮሊክ አሲድ ያለው ቶነር አለ። ከቶነሩ በላይ ሬቲኖል የሚባለውን፣ ቆዳ ቶሎ ቶሎ እንዲተካ የሚያደርገውን የቫይታሚን ኤ ቅባት ትቀባለች። እሁድ እሁድ ደግሞ 30 በመቶ አሲድ ያለበት፣ ፒሊንግ የሚባል ጠንካራ የቆዳ መላጫ አላት። ጠርሙሱ 10 ደቂቃ ይላል፤ እሷ 20 ደቂቃ ታቆየዋለች። «ካላቃጠለ የሚሠራ አይመስለኝማ» አለችኝ። ረቡዕና ቅዳሜ ስኳር በቡና አድርጋ ትፈትጋለች። ጠዋት የምትቀባው ቫይታሚን ሲም አለ። ቆዳ አይልጥም፣ ግን እሱም አሲድ ነው።

ወረቀት አወጣንና ደመርነው። መታጠቢያው በሳምንት 14 ጊዜ፣ ቶነሩ 7፣ ሬቲኖሉ 7፣ ስኳሩ 2፣ ፒሊንጉ 1። በሳምንት 31 ጊዜ ፊቷን ስትልጥ ነው የከረመችው ማለት ነው። ለአብዛኛው ሰው ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ አያስፈልግም።

ሰንስክሪንስ? «ነጭ ያደርገኛል ብዬ ተውኩት።»

ልጅቷ ሞኝ አይደለችም። አምስቱን ዕቃ ከአራት ሻጮች ነው የገዛችው። ከፊሉ ቴሌግራም ላይ፣ ከፊሉ ከዱባይ በሻንጣ የመጣ። እያንዳንዱ ሻጭ የራሱን ዕቃ አጠቃቀም ነግሯታል፤ ብዙዎቹም ልክ ናቸው። ድምሩን የሚያውቅ ግን የለም። ደግሞ የምትቸኩልበት ምክንያት ነበራት። ጥር ላይ የጓደኛዋ ሰርግ አለ፤ ሚዜ ናት።

አሁን ፊቷ ላይ ምን እንደተፈጠረ ልንገራችሁ። ይህ ካልገባን ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ትዕዛዝ ብቻ ይመስላል።

የቆዳችን የላይኛው ሽፋን በጣም ስስ ነው። የሱቅ ስስ ፌስታል ያህል ውፍረት ቢኖረው ነው። ግን ውስጡ ከ15 እስከ 20 የሚደርሱ የጠፍጣፋ ሴሎች ድርብርብ አለ። ሴሎቹን እንደ ብሎኬት አስቧቸው። በመካከላቸው ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ሆኖ የሚያያይዝ ቅባት አለ። ቅባቱ በዋናነት ሦስት ነገር ነው፤ ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ። አዎ፣ ያው ደም ስንመረመር የምንፈራው ኮሌስትሮል ነው። ቆዳ ላይ ሲሆን ግን ጠባቂ ነው። ይህ ግድግዳ የሰውነታችንን ውኃ ወደ ውጭ አያስወጣም፤ የውጭውንም ነገር ወደ ውስጥ አያስገባም። ሥራው ይኸው ነው።

ግላይኮሊክን የመሰሉ አሲዶች የላይኞቹን ብሎኬቶች ማያያዣ ያላሉ። አርጅቶ ሊረግፍ የነበረው ሴል ቶሎ ይረግፍና ፊት ይለሰልሳል። እስከዚህ ጥሩ ነው። የረገፈው ሳይተካ እንደገና ሲላላ፣ በማግሥቱም ሲደገም፣ ገና ያልበሰሉ ሴሎች ወደ ላይ ይወጣሉ። ሲሚንቶው በወጉ ያልተለሰነ ግድግዳ ይሆናል። ያኔ ውኃ እየተነነ ይወጣል፤ ፊት ይወጠራል። የተቀቡት ነገር ደግሞ ከወትሮው በላይ ጠልቆ ይገባና የነርቭ ጫፎችን ያገኛል። ያ ምስኪን ሎሽን ጥፋት አልነበረውም። እሱ ያው ነው፤ በሩ ነው የተከፈተው።

ነገሩን የሚያሳስተው መጀመሪያ ላይ ማማሩ ነው። የሳሳ ቆዳ እንደተወለወለ ወለል ብርሃን ይመልሳል። የአክስቴ ልጅ መስከረም ላይ «ፊትሽ መስታወት መስሏል፣ ምን ተቀብተሽ ነው?» እየተባለች ነበር። ጥሩ የጤናማ ቆዳ ወዝ ለስለስ ያለ ነው። ይህኛው ግን እንደ ላስቲክ የሚያብረቀርቅ ነው፤ ስትስቅ ይወጥርሻል፤ ቀረብ ብለው ሲያዩት ጥቃቅን መስመሮች አሉት። ወዝ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ብዙዎቻችን በቪዲዮ የምናውቀው በነጭ ሰው ፊት ላይ ነው። «ይቀላል» ይላሉ። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። የሚታየው ጠቆር ማለት፣ አመድማ መሆን፣ አንዳንዴም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጥቁረት ነው። ስለዚህ ከዓይን ይልቅ ስሜቱን እመኑ። ውኃ ይለበልባል ወይ? የለመዳችሁት ቅባት ያቃጥላል ወይ? ከታጠባችሁ በኋላ ፊታችሁ ይወጠራል ወይ? ብጉር በማያውቀው ቦታ ጥቃቅን ሽፍታ ወጣ ወይ? ሁለት ሦስቱ «አዎ» ከሆነ ግድግዳው ተነክቷል። «ቆሻሻው እየወጣ ነው፣ ቀጥይበት» የሚሉ አሉ። ሬቲኖል ሲጀመር ብጉር ለጊዜው ሊበዛ መቻሉ እውነት ነው። ውኃ ሲያቃጥል ግን የሚወጣ ቆሻሻ የለም።

አሁን ወደ ቀጠሮዎቹ። የተላጠ ፊት ሦስት ነገሮችን ይጠግናል፤ ሦስቱም የየራሳቸው ቀን አላቸው። ሰው የሚሳሳተው የአንዱን ቀን ከሌላው ጋር ስለሚያምታታ ነው።

የመጀመሪያው ቅባቱ ነው። ካሊፎርኒያ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ፒተር ኢሊያስና ኬነዝ ፋይንጎልድ የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህን ለዓመታት አጥንተውታል። የቆዳውን ቅባት በአሴቶን ጠርገው ወይም በፕላስተር ልጠው፣ ግድግዳው በምን ያህል ጊዜ እንደሚመለስ ለኩ። በወጣት ቆዳ ላይ ግማሹ ያህል በግማሽ ቀን ይመለሳል። በሦስት ቀን ገደማ ከሞላ ጎደል ይሞላል። ዕድሜ ሲገፋ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ቆዳ ይህን የሚያደርገው በራሱ ነው፤ ከውጭ የሚጨመርለት ሲሚንቶ ባይኖርም ይሠራል።

ሁለተኛው ብሎኬቱ ነው። የላይኛው ሽፋን ሙሉ በሙሉ ለመተካት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ከሥር ጀምሮ ያለው የሴሎች ጉዞ ሲታሰብ ደግሞ አራት ሳምንትና ከዚያም በላይ ነው።

ሦስተኛው ጥቁረቱ ነው። ቆዳ ሲቆጣ ቀለም የሚሠሩት ሴሎችም አብረው ይደናገጣሉ፤ ቀለሙን ያለመጠን ያፈሳሉ። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ይህ የበለጠ ይበረታል። ይህ ምልክት የሚለቀው በወራት ነው፤ ወደ ውስጥ የሰረገ ከሆነ ከዓመት ሊያልፍ ይችላል።

አያችሁት? ግድግዳው ታድሶ ካለቀ በኋላም ፊት ላይ ጥቁረት ይቀራል። ሰው ያንን ሲያይ «ገና አልዳንኩም» ይላል፤ ወይም «የሞተ ቆዳ ነው፣ ይነሳልኝ» ብሎ ወደ አሲዱ ይመለሳል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ግድግዳውን ደግሞ ይመታዋል። በመድኃኒት ቤት መስኮት በኩል ከማያቸው ሁሉ የሚደጋገመው ስህተት ይህ ነው።

ከአክስቴ ልጅ ጋር እንዴት እንደሄድን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ማቆም ነበር። ሁሉንም። አሲዱን፣ ሬቲኖሉን፣ ቫይታሚን ሲውን፣ ስኳሩን። «አንዱን ብቻ ልቀጥል» ብላ ለመነችኝ፤ እምቢ አልኳት። አስቸጋሪው ነገር አሲድ የማይጠረጠርበት ዕቃ ውስጥ መደበቁ ነው። እሷ የፊት መታጠቢያዋን ከልጣጮቹ ጋር ቆጥራው አታውቅም ነበር። ስለዚህ የእያንዳንዱን ጠርሙስ ጀርባ ማንበብ ያስፈልጋል። ግላይኮሊክ፣ ላክቲክ፣ ማንደሊክ፣ ሳሊሲሊክ የሚል ካለ ወደ ጓዳ። የብጉር መድኃኒት የሆነው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድም ለጊዜው ያርፋል። ሐኪም ያዘዘው ቅባት ከሆነ ግን በራስ ሥልጣን ከመተው በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ይሻላል።

ቀጥሎ መታጠብ። ጠዋት ውኃ ብቻ። ማታ አንድ ጊዜ፣ ሽቶ የሌለውና አረፋው ጥቂት የሆነ ለስላሳ መታጠቢያ፤ በእጅ፣ ለብ ባለ ውኃ፣ ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ። ለስላሳው ከሌለ ውኃው ብቻ ይበቃል። ሉፋና ብሩሽ አይነኩም። ፎጣውም አይፈትግም፤ ጠብ ጠብ እያደረገ ያደርቃል።

የባር ሳሙና ነገር ትንሽ ላቁም። የቆዳ ገጽ በተፈጥሮው በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ ፒኤች የሚባለው ልኬት 5 አካባቢ ነው። ሲሚንቶውን የሚሠሩት ኢንዛይሞች በዚህ አሲዳማነት ውስጥ ነው በደንብ የሚሠሩት። ተራ ሳሙና ፒኤቹ 9 ወይም 10 ነው። በሳሙና ታጥበን ያን ሠራተኛ ለሰዓታት ሥራ እናስፈታዋለን። የልብስ ሳሙና «ያጠራል» ብለው ፊታቸውን የሚታጠቡ አሁንም አሉ፤ በተላጠ ፊት ላይ ይህ በቁስል ላይ እንደመርገጥ ነው። «ቆዳ አሲድ ከወደደ ታዲያ የኔ አሲድ ምን አደረገ?» አለችኝ ልጅቷ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የፒኤች ቁጥር ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል፤ ደረጃውም በአሥር እየተባዛ የሚሄድ ነው። ፒኤቹ 3.5 የሆነ ምርት ከቆዳችን 5 ጋር ሲወዳደር 30 ጊዜ ያህል ይበልጥ አሲዳማ ነው። ሎሚ ደግሞ 2 ገደማ ነው። ሎሚ ፊት ላይ ማሸት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ አስሉት።

ከታጠቡ በኋላ ፊቱ እርጥብ እንዳለ ቅባት። ይህ ሁለት እጅ አለው። አንደኛው ውኃ የሚይዝ ነው፤ ግሊሰሪን ያለበት ክሬም። ሁለተኛው ውኃው እንዳይተን የሚከድን ነው፤ ቫዝሊን። ሴራማይድ ያለበት ክሬም ከተገኘ እሰየው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚያው ተመራማሪዎች ሦስቱን ቅባቶች ለየብቻ ሲቀቧቸው፣ አንዱ ብቻ ወይም ሁለቱ ብቻ የተቀቡት ቆዳ ሳይቀባ ከተተወው ይልቅ ዘግይቶ ነው ያገገመው። ሦስቱ በአንድ ላይ ሲሆኑ ግን ማገገሙ እንደ ወትሮው ሄደ፤ መጠናቸው ሲስተካከልም ፈጠነ። ስለዚህ «ሴራማይድ» የሚል ቃል ካርቶኑ ላይ ስላየን ብቻ ደመወዛችንን መስጠት አያስፈልግም። ኮሌስትሮልና ፋቲ አሲድ አብረውት መኖራቸውን ጀርባውን ገልብጦ ማየት ነው።

ቫዝሊን በበኩሉ ርካሽ ስለሆነ ይናቃል። ግን በብሎኬቶቹ መካከል ገብቶ ክፍተቱን ለጊዜው ይደፍናል፤ ከሥር የሚካሄደውን ጥገናም አያስቆምም። ይህ የተፈተነ ነገር ነው። ፊትን አየር በማያሳልፍ ፕላስቲክ መጠቅለል ግን ጥገናውን ያስቆመዋል። ቆዳ «ውኃ እየወጣብኝ ነው» የሚለው ምልክት ሲጠፋበት ቅባት መሥራቱን ያቆማልና። ስለዚህ የቫዝሊኑ መጠን ለመላው ፊት አንድ የአተር ፍሬ ያህል ነው። በመዳፍ አሙቆ ከክሬሙ በላይ መጫን ብቻ፤ ማሸት የለም። ቶሎ ብጉር የሚያወጣ ሰው ግንባሩንና አፍንጫውን ትቶ በጣም በሚያቃጥለው ቦታ ብቻ ይቀባው።

ግሊሰሪን በሁሉም መድኃኒት ቤት በትንሽ ጠርሙስ ይሸጣል። እሱን ሳያቀጥኑ ብቻውን መቀባት ግን አልመክርም። አየሩ እንደ ጥቅምትና ኅዳር ሲደርቅ ውኃ የሚስበው ከአየር ሳይሆን ከቆዳው ውስጥ ነው። ፊቱ ይበልጥ ይወጠራል። በእርጥብ ፊት ላይ ጠብታውን ከክሬም ጋር አድርጎ፣ ከላይ ቫዝሊን ሲከደንበት ነው የሚጠቅመው። ከሎሚ ጋር መቀላቀሉን ደግሞ ለሌላ ጊዜም አታስቡት።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ክሬሙም ትንሽ ይቆጠቁጣት ነበር። ይህ ያጋጥማል። አንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ችግር የለም። ከዚያ በላይ ካነደደ ክሬሙን ትቶ ቫዝሊን ብቻ መቀባት ይቻላል። በጣም ሲያቃጥላት ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክራ አምስት ደቂቃ ታሳርፍበት ነበር። በረዶ በቀጥታ አይደረግም።

አሁን ስለ ፀሐይ። በእኛ አገር ይህ ትርፍ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቀዝቃዛ አየር ነው ብለን የምንዘናጋበት ጨረር ባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሩብ የሚጠጋ ብልጫ አለው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የተመለከተው ጥናት ደግሞ ግላይኮሊክ አሲድ ለአራት ሳምንት የተቀቡ ሰዎች ቆዳ በፀሐይ የመቃጠል ዝንባሌው በ18 በመቶ እንደጨመረ አሳይቷል። ካቆሙ በኋላ በሳምንት ውስጥ ወደ ቦታው ተመልሷል። መሥሪያ ቤቱ በ2005 እንዲህ ያሉ ምርቶች ላይ የፀሐይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ መመሪያ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ማስጠንቀቂያው ግን በቴሌግራም ማስታወቂያ ውስጥ አይገባም።

ለተላጠ ፊት ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ሰንስክሪን ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ አያቃጥልም። ነጭ ያደርጋል የሚለው ወቀሳ እውነት ነው። መልሱ ቡናማ ቀለም ያለው ዓይነት መፈለግ ነው። በውስጡ ያለው አይረን ኦክሳይድ ነጭነቱን ያጠፋል፤ የእኛን ዓይነት ቆዳ የሚያጠቁረውን የሚታይ ብርሃንም ይከላከላል። ሌላው ሰንስክሪን ይህን አያደርግም። መጠኑ በሁለት ጣት ርዝመት የተዘረጋ ክሬም ነው፤ ለፊትና ለአንገት። የመጀመሪያውን ሳምንት የአክስቴ ልጅ እሱም አቃጥሏት ስለነበር ትተነው ነጠላና ጃንጥላ ተጠቀምን። ነጠላውን ወደ ፊት ሳብ አድርጋ ስትሄድ እናቷ «ምን ነካት፣ መነነች እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

አምስተኛው ቀን ላይ ውኃ ማቃጠሉን አቆመ። ስድስተኛው ቀን ማታ ደወለች። ድምፅዋ ደስ ያለው ነው። «እትዬ፣ ድኛለሁ። ቶነሩን ብቻ በቀስታ ልጀምር?»

የመጀመሪያው ቀጠሮ እዚህ ላይ ነው የሚያሳስተው። ማቃጠሉ የቆመው ቅባቱ ስለተመለሰ ነው። ብሎኬቱ ገና ነው። ያልበሰሉት ሴሎች አሁንም ላይ ናቸው፤ መርገፍ አለባቸው። እንዲያውም ከሰባተኛው ቀን በኋላ ከአፍንጫዋ አጠገብና ከአገጯ ላይ ስስ ቅርፊት መነሳት ጀመረ። እሱን በጥፍር መላጥ ወይም በፎጣ መፈተግ እንዴት እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። በቫዝሊን አለስልሶ መተው ነው፤ ሲደርስ በራሱ ይወርዳል። የእሷ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ አለቀ።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር መጣ። ግራ ጉንጯ ላይ ሁለት፣ ግንባሯ ላይ አንድ ጥቁር ምልክት ጎልቶ ወጣ። «ተበላሸሁ» ብላ አለቀሰች። አልተበላሸችም። ምልክቱ ከመጀመሪያው ነበር፤ ሌላው ፊት ሲጠራ ነው የጎላው። በጣት ሲዳሰስ ልሙጥ ነው፣ አይቆጠቁጥም፣ አይላጥም። ግድግዳው እንደዳነ የሚነግረን ይኸው ነው። ልሙጥ ሆኖ ጥቁር ከሆነ ቀለም ነው። ሻካራ ከሆነ ወይም ካቃጠለ ቁጣው ገና አለ።

ለቀለሙ ዋናው መድኃኒት ያው ሰንስክሪን ነው። ጨረሩ ሳይቆም ሌላው ሁሉ በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው። በአምስተኛው ሳምንት ላይ ኒያሲናማይድ ጨመርንላት፤ 5 በመቶ፣ በቀን አንዴ። ይህ ቆዳ ራሱ ሴራማይድ እንዲሠራ የሚያግዝ፣ ቀለም ወደ ላይኞቹ ሴሎች እንዳይተላለፍም የሚገታ ነው። 10 በመቶውን አልመረጥኩም። ቁጥሩ ሲጨምር የሚያቃጥለው ሰው ይበዛል፤ ጥቅሙ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ቁጥር የመውደድ አባዜያችን ነው እዚህ ያደረሰን።

አሲዱን በተመለከተ፣ ሕጌ ቀላል ነው። ቢያንስ አራት ሳምንት ማለፍ አለበት። ከእነዚያ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም ያላቃጠለባቸው መሆን አለባቸው። ከዚያ አንድ ምርት ብቻ ይመረጣል። እሷ ብጉር ስላላት ሳሊሲሊኩን መረጠች። መጀመሪያ ከጆሮዋ ሥር፣ መንጋጋዋ ጠርዝ ላይ ለሦስት ቀን ሞከርነው። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን፣ ማታ። ለአንድ ወር ያህል በዚያው ጸናች። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ እዚያ ላይ ይቆማል። ሬቲኖል ሲጨመር በሌላኛው ቀን ነው እንጂ አብረው አንድ ማታ አይውሉም። 30 በመቶው ፒሊንግ አልተመለሰም። የአሜሪካ ኮስሞቲክስ ገምጋሚ ባለሙያዎች በቤት ውስጥ ለሚሠራባቸው ግላይኮሊክን ለመሰሉ አሲዶች ያስቀመጡት ወሰን መጠኑ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ፒኤቹም ከ3.5 እንዳያንስ ነው። 30 በመቶ የዚያ ሦስት እጥፍ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ችግሩ በእርግጥ ከመላጥ የመጣ ከሆነ ነው። አንዳንዴ አይደለም። ቢጫ ቅርፊት፣ መግል ወይም ትኩሳት ካለ ኢንፌክሽን ነው። ዓይን ካበጠ፣ ማሳከኩ ከማቃጠሉ ከበለጠ፣ ሽፍታውም ካልተቀባ ቦታ ከደረሰ አለርጂ ሊሆን ይችላል። በአፍ ዙሪያና በአፍንጫ ጎን ብቻ የተሰበሰበ ሽፍታ ሌላ በሽታ ነው፤ ቫዝሊን ሊያብሰውም ይችላል። ሁለት ሳምንት ሁሉንም አቁሞ ምንም ለውጥ ከሌለም ወደ ቆዳ ሐኪም ነው።

ከሁሉ የማስጠነቅቀው ግን ስለ ማቅያ ክሬም ነው። በየኮስሞቲክስ ሱቁ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ አለ። ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ይሁን ሳይጻፍ። ይህን ለወራት የተቀባ ፊትም ይሳሳል፣ ውኃም ያቃጥለዋል። ልዩነቱ ክሬሙን ሲቀቡት ማቃጠሉ ጸጥ ይላል፤ ሲያቆሙት በቀናት ውስጥ ከበፊቱ ብሶ ይነሳል። እንዲህ ከሆነ የእኔ ቫዝሊን አይመልሰውም። ማቆሙም በሐኪም ክትትል እንጂ በአንድ ጀምበር በራስ ውሳኔ መሆን የለበትም። ለዚህ ነው ሰው ስጠይቅ «አሲድ ትጠቀሚያለሽ?» ብቻ የማልለው። «የሚያጠራ ክሬም ነበረሽ?» እላለሁ። ብዙዎቹ ሁለተኛውን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚመልሱት።

ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ ነበር። ሦስት ቀን ሲቀረው ሜካፕ የምትሠራላቸው ልጅ ለሚዜዎቹ በሙሉ «ነጻ ፌሻል አለ፤ ፒሊንግም አብሮ» ብላ ጠራቻቸው። የአክስቴ ልጅ ሄዳ ቁጭ አለች፤ ሌሎቹ ሲላጡ ሻይ ጠጣች። በሰርጉ ቀን ሁለቱ ሚዜዎች ላይ ፋውንዴሽኑ በአፍንጫቸው ዙሪያ እየተቀረፈ ሲያስቸግር አየሁ። የእሷ ግንባር ጠርቷል። የግራ ጉንጯ ላይ ካሉት ሁለቱ አንዱ ግን ገና አለ። በየወሩ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በአንድ ሰዓት ፎቶ ታነሳዋለች። የጥቅምቱንና የጥሩን ጎን ለጎን አድርጋ ስታሳየኝ የምስር ፍሬ ያህል የነበረው ወደ ጤፍ እየተጠጋ ነው።